ሦስት ሰከንድ ስንት ነው?

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ረፋዱ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ጠረጴዛዎች ባዷቸውን ቀርተው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር ተኮልኩሏል። በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ሊያልቅ ነው። ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ሐሰን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ኢንቫሊድ ተጠግተዋል። መጨረሻው ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ሲፋን በአጥሩና በትዕግስት መካከል ሾልካ ልታልፍ ገባች። ክርናቸው ተጋጨ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዓይን ከድኖ እስኪገልጥ ያህል ነው፤ ሲፋን ገባች፣ ትዕግስት ተከተለች። ሰዓታቸው 2:22:55 እና 2:22:58 ሆኖ ተመዘገበ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የስፖርት ገጹ ወጣት ዘጋቢ ጽሑፉን ላከልኝ። ርዕስ ማረም የእኔ ሥራ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ሰዓቱም ስሙም ልክ ነው። ርዕሱ ግን እንዲህ ይላል፦ «ሲፋን ሐሰን ትዕግስት አሰፋን አንበርክካ ወርቁን ነጠቀች»።

«ና እስቲ» አልኩት። «በመካከላቸው ስንት ነበር?»

«ሦስት ሰከንድ፣ ጋሼ።»

«ርዕስህ ላይ የታለ?»

«ውስጥ ላይ አለ እኮ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ።»

መልስ ከመስጠት ይልቅ የገጽ ቅንብር የሚሠራልንን ባልደረባ ጠራሁት። እሱ ጠዋቱን በሌላ ገጽ ተጠምዶ ስለነበር ውድድሩን አላየም፤ ውጤቱንም አልሰማም። ርዕሱን ብቻ አሳየሁትና «በስንት የቀደመቻት ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰብ አድርጎ «እንጃ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሆናል» አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ይህን ፈተና ለዓመታት ስሠራበት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለም አላገኘሁም። ርዕስን የሚፈትነው ውድድሩን ያላየ ሰው ነው። ያየ ሰው ልዩነቱን ከራሱ ትዝታ ስለሚሞላው ርዕሱ የጎደለው ነገር አይታየውም። ያላየው ሰው ግን ያለው ግሡ ብቻ ነው። «አንበረከከች» ካልነው ተንበርክኮ የቀረ ሰው ያያል። በ42 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከአሸናፊዋ በሦስት ሰከንድ ብቻ ዘግይታ የገባች ሯጭ ግን በየትኛውም ትርጉም አልተንበረከከችም።

የአማርኛ ስፖርት ዘገባ ግሥ አያጣም። ረታ፣ አሸነፈ፣ ቀደመ፣ ድል ነሳ፣ ደመሰሰ፣ አደባየ፣ አንበረከከ እንላለን። ችግሩ እነዚህን ቃላት እንደ ተመሳሳይ ቃላት መቁጠራችን ነው። ትናንት «አሸነፈ» ብያለሁና ዛሬ «ደመሰሰ» ልበል የሚል ዘጋቢ ቃሉን የሚለውጠው እንዳይሰለች ነው፤ አንባቢው ግን የተለወጠው ውጤቱ ይመስለዋል። «ረታ»፣ «አሸነፈ» እና «ቀደመ» ማን እንደበለጠ ይናገራሉ፣ በምን ያህል እንደበለጠ ግን ዝም ይላሉ። «ደመሰሰ» እና «አንበረከከ» ሁለቱንም ይናገራሉ። ስለዚህ እነዚህን መጠቀም ቁጥር እንደመጻፍ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ትልልቆቹ ግሦች ይጣሉ እያልኩ አይደለም። በሪዮ 2016 ኦሎምፒክ አልማዝ አያና የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን በ29:17.45 የዓለም ክብረ ወሰን ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችው ቪቪያን ቼሪዮት የገባችው ከ15 ሰከንድ በኋላ ነበር። በዚያን ዕለት የትኛውንም ግሥ ብትመርጥ ከእውነቱ አይበልጥም። ነገር ግን «ደመሰሰ»ን በየሳምንቱ ሥራ ላይ ስናውል ከርመን ለአልማዝ ቀን ምን ይቀረናል?

«ነጠቀች» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው የሚነጠቀው የያዘውን ነው። ወርቁ ገመዱ እስኪበጠስ ድረስ የማንም አልነበረም። ከዚያም በላይ ቃሉ ውስጥ ክስ አለ፤ ያለ አግባብ ተወሰደ ይላል። በዚያ ጠዋት ይህ ክስ በትክክል በመቅረብ ላይ ነበርና ጥንቃቄው ድርብ መሆን ነበረበት። የኢትዮጵያ ወገን በመጨረሻው ግጭት ምክንያት ሲፋን እንድትሰረዝ ቅሬታ አስገባ። በአትሌቲክስ ደንብ ውጤትን የሚመለከት ቅሬታ ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይቀርባል፤ ይህ ጊዜ እስኪያልፍና የቀረበውም እስኪወሰን ድረስ ሰሌዳው ላይ ያለው ውጤት ሊለወጥ የሚችል ነው። ልዩነቱ ጠባብ በሆነ ቁጥርም ቅሬታ የመምጣት ዕድሉ ይሰፋል። በ15 ሰከንድ የተቀደመ ሰው ክርን ነካኝ ብሎ አይከስም፤ በሦስት ሰከንድ የተቀደመ ግን ምክንያት አለው። ስለዚህ በጠባብ ልዩነት ባለቀ ውድድር ላይ ርዕስ አራሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውጤቱ ጸድቋል ወይ?» ብሎ ነው። ካልጸደቀ ርዕሱ ስለ ቅሬታው መናገር አለበት። ቅሬታው በዚያው ዕለት ውድቅ ሆነ፤ ሲፋን ወርቋን ያዘች። «ነጠቀች» ብለን ብናትም ኖሮ ዳኞቹ ያልተቀበሉትን ክስ እኛ እንደ ፍርድ አድርገን ባወጣነው ነበር።

ልጁ እየሰማኝ ርዕሱን ሰረዘና ሌላ ጻፈ፦ «በፎቶ የተለየው ማራቶን፦ ሲፋን ለጥቂት ቀደመች»። አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ወደቀ።

ስለ ማጋነን ስንናገር ሰፊ ማስመሰልን ብቻ እናስባለን፤ ጠባቡን ይበልጥ ማጥበብም ግን ያው ማጋነን ነው። ሦስት ሰከንድ በሜትር ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ አብረን አሰላን። 42,195 ሜትር በ8,575 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ፍጥነት ይመጣል። በሦስት ሰከንድ ወደ 15 ሜትር ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለቱም ከአማካዩ በላይ ይሮጡ ነበርና በሦስት ሰከንድ የሚሸፍኑት ከዚህ ቢበዛ እንጂ አያንስም። አሥራ አምስት ሜትር ማንም ተመልካች በዓይኑ የሚያየው ክፍተት ነው፤ ማን እንደቀደመ ለማወቅ ፎቶ አያስፈልግም። ለማራቶን በእርግጥ እጅግ ጠባብ ነው። የፎቶ ነገር ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ዘጋቢዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። በጎዳና ላይ ሩጫ የሚመዘገበው ሰዓት ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ከፍ ብሎ ነው። 2:22:54 ካለፈ በኋላ በየትኛውም ቅንጣት የገባ ሯጭ 2:22:55 ይጻፍለታል። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ስለዚህ በ55 እና በ58 መካከል ያለው እውነተኛ ክፍተት ከሁለት ሰከንድ ጥቂት በልጦ ወይም ለአራት ሰከንድ ጥቂት ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ይፋዊው ልዩነት ሦስት ሰከንድ ነውና «በ3 ሰከንድ» ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ትክክል ነው። «በትክክል 3 ሰከንድ» ወይም «ሦስት ሰከንድ እንኳ ባልሞላ ልዩነት» ብንል ግን ሰዓቱ ከሚያውቀው በላይ ማወቃችን ነው። በመም ላይ እስከ 10 ሺህ ሜትር ያለው ሩጫ ግን እስከ መቶኛ ሰከንድ ይነበባል፤ እዚያ በመቶኛ መናገር ይቻላል።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። «እሺ ጋሼ፣ “በኦሎምፒክ ማራቶን ታሪክ እጅግ ጠባቡ ልዩነት” ብለውስ? ይህ እውነት ነው።»

ሐሳቡን ወደድኩት፤ ምክንያቱም ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። የሴቶች ማራቶን ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ስለሆነ እስከ ፓሪስ ድረስ የተካሄደው 11 ጊዜ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ውጤት ማገላበጥ ከአንድ ሲኒ ቡና በላይ ጊዜ አይወስድም። አገላበጥነው። ከፓሪስ በፊት ጠባቡ የለንደን 2012 ነበር፤ ቲኪ ገላና በ2:23:07 ስታሸንፍ ኬንያዊቷ ፕሪስካ ጄፕቱ በአምስት ሰከንድ ተከትላት ገባች። የባርሴሎና፣ የሲድኒ፣ የሪዮ ልዩነቶች ከዚያ ይሰፋሉ። በሴቶቹ መዝገብ ልጁ ልክ ነው። እሱ የጻፈው ግን «በኦሎምፒክ ማራቶን ታሪክ» ነው፤ ማራቶን ደግሞ ወንዶችም ይሮጣሉ። በአትላንታ 1996 ደቡብ አፍሪካዊው ጆሲያ ቱግዋኔ በ2:12:36፣ ኮሪያዊው ሊ ቦንግ ጁ በ2:12:39 ገቡ። እሱም ሦስት ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ወደ ላይ ከፍ እያለ ስለሚጻፍም ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደጠበበ ከተመዘገበው ሰዓት ብቻ መለየት አይቻልም። «በሴቶች» የምትል አንዲት ቃል ርዕሱን ከስህተት ወደ እውነት አሻገረችው። እንደዚህ ያለች ቃል ናት ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትቆረጠው።

የቦታ ነገር በአማርኛ የራሱ ፈተና አለው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልዩነቱን የሚናገረው ቃል ከግሡ በፊት፣ በስሞቹና በግሡ መካከል ይቀመጣል። ርዕሱ ከዓምዱ ሲረዝም ስሙን መቁረጥ አንችልም፤ ግሡንም እንዲሁ። የሚቀረው መካከል ያለው ነው። «በ3 ሰከንድ»፣ «በመለያ ምት»፣ «በጭማሪ ሰዓት» የሚሉት ሐረጎች የሚጠፉት ማንም ሊያታልል ፈልጎ ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ ስለተገኙ ነው። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ ልዩነቱንና ግሡን እጽፋለሁ፣ ከዚያ በቀረው ቦታ ስሞቹን አስገባለሁ። ስም ቢረዝም የአባት ስም ወደ ንዑስ ርዕሱ ይወርዳል። ልዩነቱ ግን አይወርድም።

ቁጥር ማስገባት ብቻውን ሁልጊዜ ያድናል ማለት ግን አይደለም። እግር ኳስ ላይ ውጤቱ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ግብፅን የረታችው 4 ለ 2 ነው። ያላየ ሰው ሁለት ግብ ልዩነት ሲያነብ ተረጋግቶ ያለቀ ጨዋታ ይመስለዋል። እውነቱ ግን መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አሸናፊዎቹን ግቦች ያስቆጠሩት በጭማሪው ሰዓት ነው። «በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2» ካልን ሁለቱ ቃላት የቁጥሩን ስህተት ያርማሉ።

ሌላው ደግሞ የቅርባችን ነው። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ነበርና ድምሩ 5 ለ 5 ነው። ያለፉት ከሜዳቸው ውጭ ባገቧቸው ሦስት ግቦች ነው። «ሱዳንን በድምር ውጤት አሸንፈው አለፉ» ማለት ስህተት ነው፤ በድምር ማንም አላሸነፈም። የዚያን ቀን ደስታ ያየ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ማስተካከያ ስስት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ካርቱም ላይ የገቡት ሦስት ግቦች በርዕሱ ውስጥ ቦታ ሲያገኙ ደስ ይለኛል። በተሸነፍንበት ቀን የተገቡ ግቦች ናቸው ያሳለፉን።

ወደ ሩጫው ልመለስ፤ ምክንያቱም በጠባብ ልዩነት ላይ የምናወራው ሁሉ መጨረሻው ሲድኒ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት የ10 ሺህ ሜትሩን የመጨረሻ ቀጥታ ጎን ለጎን ሲጨርሱ ሰዓታቸው 27:18.20 እና 27:18.29 ነበር። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ ወሰደ።

ይህን ውድድር ሲያስታውሱ ብዙዎች «ኃይሌ በአንድ እርምጃ ቀደመው» ይላሉ። ጨዋ አባባል ይመስላል፤ ማንንም አያንበረክክም። ነገር ግን እናስላው። አንድ ሯጭ 400 ሜትርን በ57 ሰከንድ በሚያስጨርስ ፍጥነት እየበረረ ነው ብንል በሰከንድ ሰባት ሜትር ይሄዳል። በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ 63 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው አንድ እርምጃው ሁለት ሜትር ገደማ ነው። «በአንድ እርምጃ» ማለት እንግዲህ እውነተኛውን ክፍተት ሦስት እጥፍ ማስፋት ነው። «በደረት ቀደመው» ብንል ግን ወደ እውነቱ እንቀርባለን፤ ደንቡም ይደግፈናል። ሯጭ ገባ የሚባለው ጭንቅላቱ፣ እጁ ወይም እግሩ ሳይሆን ደረቱና ከአንገት በታች ያለው ግንደ አካሉ የመስመሩን የቅርብ ጠርዝ ሲደርስ ነው። የፎቶ ፊኒሽ ካሜራው የሚያነሳው ያችን ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ በየቅጽበቱ እዚያ ላይ የደረሰውን እየቀዳ ጎን ለጎን ይደረድረዋል። ምስሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ርቀት ሜትር ሳይሆን ጊዜ ነው። ዳኛው ቀጥ ያለ መስመር ወደ ደረቱ ያስጠጋና ሰዓቱን ያነባል። «በደረት» የሚለው ቃላችን ለካ የዳኛው መለኪያ ነበር።

ለሲድኒው ውድድር የምወደው ርዕስ ግን የልዩነቱን ትንሽነት ለማስረዳት ምንም ቅጽል አይጠቀምም። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ሞሪስ ግሪን በ9.87፣ አቶ ቦልደን በ9.99 ገብተዋል። አሥራ ሁለት መቶኛ። «የ10 ሺህ ሜትሩ ልዩነት ከ100 ሜትሩ ጠበበ፦ ኃይሌ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ»። አንባቢው ሁለት ቁጥር አነጻጽሮ ራሱ ይደነግጣል። «አስደናቂ» ብሎ መጻፍ ለእሱ የሚገባውን ድንጋጤ ከእጁ መውሰድ ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር ግን በየዕለቱ አይገኝም፤ ሲገኝም ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ዓይነት ሰዓት የተወሰዱ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። የማራቶኑን ሦስት ሰከንድ ከመም ሩጫ መቶኛ ጋር ማነጻጸር አይሆንም።

የተሸናፊው ስም ጉዳይም አለ። በሰፊ ልዩነት ባለቀ ውድድር ሁለተኛውን ከርዕሱ ብንተወው አንባቢው ብዙ አይጎድልበትም። በጠባቡ ግን ሁለተኛው የታሪኩ ግማሽ ነው። ቴርጋት የሌለበት የሲድኒ ርዕስ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። በፓሪሱ ማራቶን ደግሞ ሁለተኛዋ የእኛ ናት፤ ጋዜጣው የሚነበበው እዚህ ነው። ስለዚህ እኔና ልጁ መጨረሻ ላይ የተከራከርነው ማንን ባለቤት እናድርግ በሚለው ነበር። «ትዕግስት ወርቅ አጣች» ወይስ «ትዕግስት ብር አገኘች»? እሱ የመጀመሪያውን መረጠ፤ ሀገር ያዘነው በወርቁ ነው አለ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ብር ነው። «አጣች» ስንል በሦስት ሰከንድ ልዩነት የመጣውን ሜዳልያ እንደ ባዶ እጅ መቁጠራችን ነው። እሱም ማጋነን ነው፤ ኀዘንን ማጋነን።

ጽሑፉ ለኅትመት ሲወርድ ቅሬታው ተወስኖ ነበር። ርዕሱ «ትዕግስት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር አገኘች» ሆነ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሲፋን ሐሰን በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች፤ የኢትዮጵያ ቅሬታ ውድቅ ተደርጓል» ተጻፈ። ክብረ ወሰኑን ማስገባት የልጁ ሐሳብ ነው፤ የተሻሻለው የቲኪ ገላና የ12 ዓመት ሰዓት ነበርና ተገቢም ነበር። በሴቶች ጠባቡ መሆኑን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አወረድነው።

ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ልጁ እኔ ሳልነግረው ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ሰማሁት። ሻይ የምታመጣልንን እናት አስቁሞ ርዕሱን አነበበላቸውና «እማማ፣ ልጅቷ መጨረሻው ላይ ስንት ሜትር ወደ ኋላ የቀረች ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

እሳቸው ትሪውን እንደያዙ ኮሪደሩን እስከ ደረጃው ድረስ በዓይናቸው ለኩት። «ከዚህ እዚያ ድረስ ይሆናል፤ ለምን፣ ወደቀች እንዴ?» አሉት።

ልጁ ተመልሶ መጥቶ ኮሪደሩን በእርምጃው ይለካ ጀመር።